ለባዶ ክፍል ከመክፈል ያዳነችን ሠራተኛ

ምስጋና ለመጻፍ የምቸኩል ሰው አይደለሁም። ይቺን ግን ሳልጽፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ የሁለት ቀን ጉባኤ ያዘጋጃል። ከሌላ ከተማ ለሚመጡ እንግዶች ሆቴል መያዝ የእኔ ድርሻ ነው። ዘንድሮ ይህን ሥራ አብራኝ የሠራችው በያዝነው ሆቴል የቡድን ቦታ ማስያዣ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ስሟ እዚህ እንዲወጣ አልፈለገችም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን እንድነግር ፈቅዳልኛለች።

ለምን እንዳመሰገንኳት እንዲገባችሁ አምና የገባሁበትን ጣጣ ላውራ። ያኔ ሌላ ሆቴል ነበርን። በቡድን ዋጋ 70 ክፍል ለሦስት ሌሊት ያዝኩ። ሆቴሎች የሚቆጥሩት በአዳር ነው፤ አንድ ክፍል አንድ ሌሊት ሲያዝ አንድ አዳር ይባላል። ስለዚህ የፈረምኩት ለ210 አዳር ነው። ውሉ ከዚህ 10 በመቶ ቢጎድል ምንም የለም፣ ከዚያ በታች ከወረደ ግን ለጎደለው አዳር ሙሉ ዋጋ ትከፍላላችሁ ይላል። ማለትም 189 አዳር የግድ መሙላት አለበት። የሞላው 142 ነበር። ለ47 አዳር፣ ማንም ላልተኛበት አልጋ፣ ከፈልን።

እሱስ ይሁን፣ ፈርሜያለሁ። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ውሉ ላይ የመዝጊያ ቀን ነበረ፤ ብዙዎች ካት ኦፍ የሚሉት። ከጉባኤው 30 ቀን በፊት ማለት ነው። እስከዚያ ቀን ያልተያዙ ክፍሎች ወደ ሆቴሉ ይመለሳሉ። እኔ ይህን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። ያልተፈለገው ክፍል ከተመለሰ ዕዳውም አብሮ ተመለሰ ብዬ አሰብኩ። ቀኑ አለፈ፣ ክፍሎቹ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ 9 እንግዶች ዘግይተው ሲደውሉ "የቡድኑ ክፍል ተዘግቷል" ተብለው እዚያው ሆቴል ውስጥ በመደበኛው፣ ከፍ ባለው ዋጋ ገቡ። የእነሱም አዳር ለእኛ አልተቆጠረም። ሆቴሉ ያንኑ ክፍል በውድ ሸጠው፣ እኛን ደግሞ ባዶ አደረ ብሎ ቀጣን። ስከራከር ውሉን አውጥተው አሳዩኝ። እውነትም እንደዚያ ነበር የተጻፈው።

ዘንድሮ ወደዚህኛው ሆቴል ስሄድ 80 ክፍል ለሦስት ሌሊት ስጡኝ አልኩ። ጉባኤው ያድጋል የሚል ተስፋ ነበረን። ልጅቷ እሺ ብላ ውሉን ማዘጋጀት ትችል ነበር፤ ሥራዋ ክፍል መሸጥ ነው። እሷ ግን "አምና በየሌሊቱ ስንት ሰው አደረ?" አለችኝ። በድምሩ ነው እንጂ በየሌሊቱ አላውቅም አልኳት። "እንግዲያው ከድሮው ሆቴል ይጠይቁና ይምጡ፣ አሁን አንፈራረምም" ብላ መለሰችኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም።

ወረቀቱ ሲመጣ ረቡዕ 62፣ ሐሙስ 60፣ ዓርብ 20 ይላል። አየችና በእስክሪብቶ ዓርብ ላይ ክብ አደረገች። ጉባኤው የሚያልቀው ዓርብ ከሰዓት ስለሆነ አብዛኛው ሰው ማታውኑ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሦስቱንም ሌሊት እኩል አድርጌ 70 ይዣለሁ። ከ47ቱ የቅጣት አዳሮች 43ቱ የመጡት ከዚያች አንዲት ሌሊት ነው። ዓመት ሙሉ ሆቴሉን ስረግም የከረምኩት በራሴ ሰንጠረዥ ምክንያት ነበር ማለት ነው።

በእሷ ምክር ረቡዕ 60፣ ሐሙስ 60፣ ዓርብ 20 ክፍል ያዝን፤ 140 አዳር። ተጨማሪ ካስፈለገ፣ ክፍል እስካለ ድረስ በዚያው ዋጋ ይጨመራል የሚል ዐረፍተ ነገር ገባ። ያለ ቅጣት የሚጎድለው 20 በመቶ ሆነ፤ ስለዚህ መሙላት ያለብን 112 ነበር። ቀሪው ሥራ ያለው ከቁጥሩ በኋላ በሚመጡት ትንንሽ ቃላት ውስጥ ነው። እሷ ሦስቱን አንድ በአንድ አስረዳችኝ።

የመጀመሪያው፣ ሂሳቡ በየሌሊቱ ይሁን ወይስ በድምሩ የሚለው ነው። በየሌሊቱ ከሆነ ረቡዕና ሐሙስ 48 48፣ ዓርብ 16 ክፍል መሙላት አለበት፤ አንዱ ሌሊት ቢተርፍ የሌላውን አይሸፍንም። በድምሩ ከሆነ የረቡዕ ትርፍ የዓርብን ጉድለት ይደፍናል። በድምሩ እንዲሆን አስጻፈችልኝ። ሁለተኛው፣ ከመዝጊያው ቀን በኋላ ክፍል ካለ እንግዶቻችን በቡድኑ ዋጋ ይስተናገዳሉ፣ አዳራቸውም ለእኛ ይቆጠራል የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ለቡድኑ ማስያዣ ከተሰጠው ሊንክ ውጭ በሌላ መንገድ ክፍል የያዘ የጉባኤው ተሳታፊ ከተገኘ እሱም ይቆጠራል የሚል። ይሄኛውን ሳነበው ብዙም ትርጉም አልሰጠኝም ነበር።

ስለ መዝጊያው ቀን ያለችኝን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። "ቀኑ ክፍሉን ነው የሚለቀው፣ እርስዎን አይለቅም" አለችኝ። ነፃ የሚያወጣው ሌላ ቀን ነው፤ የመቀነሻ ቀን ትለዋለች። እኛ ውል ላይ ከጉባኤው 60 ቀን በፊት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ከያዝነው እስከ 10 በመቶ ያለ ቅጣት መቀነስ እንችላለን። የመዝጊያው ቀን 21 ቀን ሲቀረው ነው። ሁለቱን ቀኖች በተለያየ ቀለም አቅልማ ነው ውሉን የሰጠችኝ።

እንግዶቹ በሊንክና በኮድ ራሳቸው ይይዛሉ። እሷ ደግሞ በየሰኞው ስንት እንደተያዘ በየሌሊቱ ከፋፍላ ትልክልኛለች። የመቀነሻው ቀን ሳምንት ሲቀረው ደወለች። "እየሄደ ያለው ዝግ ብሎ ነው፣ ትንሽ እንቀንስ?" አለች። ተዪው፣ ሰው የሚንጋጋው መጨረሻ ላይ ነው አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀኑ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ በየዓመቱ ብዙ ሰው የሚልክልን አንድ ድርጅት ዘንድሮ አንመጣም አለ።

የመዝጊያው ቀን ማታ የመጣው ቁጥር 44፣ 43፣ 10 ነበር። ድምሩ 97። ከ112 ላይ 15 ይጎድላል። ያን ሌሊት አምና የተላከልን የክፍያ ደረሰኝ ዓይኔ ላይ እየመጣ አልተኛሁም። ጠዋት ስደውልላት ከእኔ ይልቅ ረጋ ብላለች። ሁለት ዘግይተው የመጡ እንግዶች በቀጣዮቹ ቀናት ለሦስቱም ሌሊት በቡድኑ ዋጋ ያዙ፤ በሁለተኛው አንቀጽ መሠረት 6 አዳር ተጨመረ። 103 ደረስን። አሁንም 9 ይጎድላል።

ጉባኤው ባለቀ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ቢሮዋ ሄድኩ። "የተመዘገቡትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዘው ይምጡ" ብላኝ ነበር። የሆቴሉን የእንግዶች መዝገብ ለእኔ ማሳየት አትችልም፤ የሰው ምስጢር ነው። ስለዚህ የእኔን ወረቀት ወስዳ፣ ኮምፒውተሯን ወደ ራሷ አዙራ፣ ማስመሪያ ከስሞቹ ሥር እያደረገች መስመር በመስመር ማመሳከር ጀመረች። እኔ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጬ ፊቷን አነባለሁ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳችና አንድ ስም ላይ ምልክት አደረገች። ሰውየው ኢንተርኔት ላይ ከሚገኙት የሆቴል ማስያዣ ገጾች በአንዱ ነበር የያዘው፤ ኮዱን ስላላስገባ በእኛ ሥር አልገባም። ሁለቱን መሥሪያ ቤታቸው በጉዞ ወኪል በኩል ይዞላቸዋል። አንዷ ስሟ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ በተለያየ ፊደል ስለተጻፈ መጀመሪያ አልፋት ነበር፤ ተመልሳ አገኘቻት። በመጨረሻ 5 ሰው፣ 11 አዳር ሆነ።

114። በ2 አለፍን።

በየሌሊቱ ሲታይ 51፣ 50፣ 13 ነው። ልብ በሉ፣ ዓርብ ከ16 በታች ወርዷል። ሂሳቡ በየሌሊቱ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ማመሳከር ተደርጎም ለ3 አዳር እንከፍል ነበር። አምና ፈልጌ የማላውቀው ቃል፣ "በድምር" የምትል፣ ያን ቀን ዋጋዋን አየሁ።

አንድ ሰው "ሥራዋ አይደል እንዴ?" ብሎኛል። አይደለም። ቅጣቱ ገቢ የሚሆነው ለሆቴሉ ነው። ማመሳከሩን ካልጠየቅኩ ማንም አያደርገውም፤ እኔ ደግሞ መጠየቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ስጠይቃት ሳቀችና "ተቀጥቶ የሄደ ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም" አለችኝ።

ጉድለቷንም ልናገር፣ ጥቆማ ነውና። ዋጋ ላይ ንቅንቅ አትልም፤ ለመከራከር የሚሄድ ጊዜውን አያጥፋ። ጠዋት ጠዋት ስልክ አታነሳም፣ መልእክት ቢጽፉላት ይሻላል። ያለፈውን ዓመት ቁጥር ሳይዝ የሚመጣ ሰው ደግሞ እንደ እኔ ይመለሳል። ጉባኤው የመጀመሪያው ለሆነ ሰው የሚያዘውን ክፍል ብዛት በጣም አሳንሳ ስለምትጀምር አለቆች ሊከፋቸው ይችላል። ለትንሽ ስብሰባ ከሆነ ግን ቅጣት የሌለበት አያያዝም አለ፤ ጥቂት ክፍል ለእናንተ ይቆያል፣ በመዝጊያው ቀን ያልተያዘው ይመለሳል፣ በዚያው ያልቃል። እሱን ቀድማ ታቀርብላችኋለች፣ ትልቁን ውል ሳታወጣ።

የከርሞውን ረቂቅ ትናንት ላከችልኝ። ዓርብን 15 አድርጋዋለች። የመቀነሻው ቀን ጎን በእስክሪብቶ "ከርሞ ስደውል ይስሙኝ" የሚል ጽፋለች። አድራሻዋን የምትፈልጉ ውስጥ ግቡ።