«15 በመቶ ቅናሽ» ወይስ «900 ብር ቅናሽ»? ለድሬዳዋ ባለ ሱቅ የትኛው ያዋጣል

ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ሙቀቱ ረገብ ሲል የተረፉትን ቬንትሌተሮች መጨረስ ፈለገ እንበል። የአንዱ ዋጋ 6,000 ብር ነው፤ 900 ብር ሊቀንስ ወስኗል። በሩ ላይ «15 በመቶ ቅናሽ» ብሎ መለጠፍ ይችላል፤ «900 ብር ቅናሽ» ማለትም ይችላል። የሚቀነሰው ገንዘብ ያው ነው። ገዢው ላይ የሚያሳድረው ስሜት ግን ይለያያል።

በግብይት ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ መመሪያ አለ። ዋጋው ከ100 በታች ከሆነ በመቶኛ ጻፍ፣ ከ100 በላይ ከሆነ በገንዘብ ጻፍ ይላል። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ስለሆነ ነው። 900 ደግሞ ከ15 ይገዝፋል። ለቬንትሌተሩ መመሪያው በትክክል ይሠራል።

ችግሩ መመሪያው የተለመደው በዶላር በሚገበያዩ ሰዎች ዘንድ መሆኑ ነው። እኛ ጋ ከ100 ብር በታች የሚሸጥ ልብስ ወይም የቤት ዕቃ ማግኘት ከባድ ነው። መመሪያውን እንዳለ ከወሰድነው ሁልጊዜ «በብር ጻፍ» ይለናል። አሁን 250 ብር የሚሸጥ ሻሽ እንውሰድ። 20 በመቶ ሲቀነስለት 50 ብር ነው። 50 ከ20 ይበልጣል፤ ግን «50 ብር ቅናሽ» የሚል ወረቀት ማንንም ከመንገድ አይመልስም። የባጃጅ ሒሳብ ነው። «20 በመቶ» ሲባል ግን ደህና ቅናሽ ይመስላል። ስለዚህ ለብር የሚሆነው ጥያቄ ሌላ ነው ባይ ነኝ፦ የቀነስኩት ገንዘብ ብቻውን የሚታይ ነገር ይገዛል ወይ? 900 ብር ይገዛል፤ በብር ይጻፍ። 50 ብር አይገዛም፤ በመቶኛ ይሻላል።

ሰው ቅናሽን ከዋጋው ጋር እያነጻጸረ እንደሚመዝን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ትቨርስኪና ካነማን በ1981 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። 15 ዶላር በሚሸጥ ካልኩሌተር ላይ 5 ዶላር ለማትረፍ 20 ደቂቃ ነድተው ሌላ ሱቅ እንደሚሄዱ ከተጠየቁት 68 በመቶው ተናገሩ። ካልኩሌተሩ 125 ዶላር ሲሆን ግን ለዚያው 5 ዶላር እሄዳለሁ ያሉት 29 በመቶ ብቻ ነበሩ። መቶኛ ትንሽ ዕቃ ላይ ጉልበት የሚያገኘው ለዚህ ነው።

ለእኛ ገበያ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ክርክሩ ነው። ድሬ ላይ ወረቀት ተለጠፈ ተብሎ ክርክር አይቀርም። የተጻፈው ቁጥር የክርክሩ መነሻ ይሆናል። «900 ብር» ያየ ደንበኛ «አንድ ሺህ አድርገውና ልውሰደው» ይላል። እሺ ብትለው 100 ብር ጨመርክ። «15 በመቶ» ያየ ደንበኛ ደግሞ «ሃያ አድርገው» ይላል። በመቶኛ የሚከራከር ሰው በአምስት በአምስት ነው የሚዘለው፤ 16 አድርገው የሚል የለም። ከ15 ወደ 20 መሄድ ለዚህ ቬንትሌተር 300 ብር ነው። መጀመሪያ የተገዛው 4,900 ብር ከሆነ በ5,100 ሲሸጥ የሚተርፈው 200 ብር ነበር። በ5,000 ሲሸጥ 100 ይቀራል። በ4,800 ሲሸጥ ግን 100 ብር ከሰረ። ደንበኛው በሁለቱም ጊዜ «ትንሽ ጨምርልኝ» እንዳለ ነው የሚሰማው።

15 በመቶ ሌላም ችግር አለበት። የተጨማሪ እሴት ታክስ መጠን ራሱ 15 በመቶ ነው። ነቃ ያለ ገዢ «ቅናሽ ብሎ ያለ ደረሰኝ ሊሸጥልኝ ነው» ብሎ ሊጠራጠር ይችላል። መቶኛ መጠቀም ግድ ከሆነ 12 ወይም 20 ብትጽፍ ከዚህ ጥርጣሬ ትድናለህ።

ለሱቁ በሙሉ አንድ መቶኛ መለጠፍ ግን አልመክርም። አንዱ ዕቃ 30 በመቶ ያተርፋል፣ ሌላው 10። «ሁሉም 15 በመቶ» ስትል ሁለተኛውን በኪሳራ ትሸጠዋለህ፤ በቅናሽ ሰሞን ቶሎ የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሱቁን በሙሉ ማካተት ከፈለግህ «2,000 ብርና ከዚያ በላይ ለገዛ 200 ብር ቅናሽ» በል። ልክ 2,000 ለገዛው ቅናሹ 10 በመቶ ነው፤ 4,000 ለገዛው ወደ 5 ይወርዳል። 1,750 ብር ላይ የቆመው ደንበኛ ደግሞ 2,000 ለመሙላት አንድ ሻሽ ያነሳል።

የትኛውንም ብትመርጥ የድሮውንና የአሁኑን ዋጋ ዕቃው ላይ ጻፍ፦ 6,000 ተሰርዞ 5,100። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በሚነገርበት ገበያ ሁለት ዋጋ ለማንም ግልጽ ነው። የተሰረዘው ዋጋ ግን በእርግጥ ስትሸጥበት የነበረው ይሁን። 7,000 ብሎ ጽፎ መሰረዝ ሸማችን ማሳሳት ነው፤ ባለፈው ሳምንት በ6,000 የገዛው ጎረቤትም ያውቀዋል።