ከሂጃብ ሥር የሚደረግ ቆብ፦ ጥጥ፣ ሳቲን ወይስ ቪስኮስ?

ቀኑን ሙሉ ፀጉርና የራስ ቆዳን የሚነካው ከላይ የሚታየው ሂጃብ ሳይሆን የውስጥ ቆቡ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጨርቅ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ እሱ ነው።

ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ የራስ ቆዳ ለብዙ ሰዓት እንዳይረጥብም ያግዛል። ችግሩ የመጠጠውን ቶሎ አለመልቀቁ ነው። የራሰ ጥጥ ይከብዳል፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን ስስ ፀጉር ይፈትጋል። ትልቁ ጥቅሙ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ መታጠብ መቻሉ ነው።

ሳቲን የሽመና ዓይነት እንጂ የክር ስም አይደለም፤ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። ለመለየት በውስጥ በኩል አንድ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉበት። ጠብታዋ ሳትሰርግ ድቡልቡል ብላ ከቆየች ላብም እንዲሁ ሳይመጠጥ ቆዳዎ ላይ ይቀራል። ለፀጉር ግን እንደ ሳቲን የሚለሰልስ የለም። ስለሚንሸራተት ብዙዎች በስፒል ያጠብቁታል፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ይመጣል። ሲጎተት የዋለ የፀጉር ሥር መጀመሪያ ያማል፣ ትናንሽ እብጠቶች ያወጣል፣ ቀጥሎ በሁለቱም ጆሮ ግንዶች በኩል ይሳሳል። መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ ፀጉሩ ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።

ቪስኮስ በሁለቱ መካከል ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ ከጥጥ ይለሰልሳል። ሲረጥብ ግን ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ይለጠጣል፤ ሙቅ ውሃም አይስማማውም።

እኛ የምንመርጠው ገላው ጥጥ ሆኖ ግንባር የሚያርፍበት 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ያህሉ በሳቲን የተገበረ ቆብ ነው። ላስቲኩ ቀጭን ከሆነ ጫናውን በአንድ መስመር ላይ ስለሚሰበስብ ሰፊውን ይምረጡ። ሲያወልቁት ግንባር ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ከተወ ጠቧል።

ለምሳሌ ጠዋት በእግር ሄዳ፣ ቆቡን ለ9 ሰዓት የምታደርግ ሴት አንድ ውድ ቆብ ከምትገዛ 3 መካከለኛ ብትገዛ ይሻላታል፦ አንዱን ታደርጋለች፣ ሁለተኛውን እኩለ ቀን ላይ ለመቀየር በቦርሳዋ ትይዛለች፣ ሦስተኛው ታጥቦ ይደርቃል። ፀጉሯ ሳይደርቅ ከሸፈነችው ግን የትኛውም ጨርቅ አያድናትም፤ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲታፈኑ ፈንገስ ይመቸዋል።

ፎረፎርና ማሳከክ ካለ 2 ፐርሰንት ኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለቴ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል ራስ ላይ አቆይቶ መታጠብ አብዛኛውን ጊዜ ያሻሽለዋል። ክብ ሆኖ የተላጠ፣ ፀጉሩም ከሥሩ የተሰበረበት ቦታ ከታየ ግን ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆር በሻምፖ ብቻ አይድንም፤ ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ ሙሉ ጥጥ ቆብ ብቻ ያድርጉ፤ ማበጠሪያና ቆብም ከማንም ጋር አይጋሩ።