የሰርጋችንን ካርቶኖች ላዘጋጀችልን ልጅ

ከተጋባን 2 ሳምንት ሆነን። ሰርጋችንን ያስተባበረችልንን ልጅ ሳላመሰግን ማለፍ አልቻልኩም።

የወንድሜ ሰርግ ላይ ቀለበቱ የቀረው መኪና ውስጥ ነበር። መኪናው ደግሞ አበባ ሊለብስ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ከ40 ደቂቃ በላይ ጠበቅን። እናቴ የዛን ቀን የሆነችውን አልረሳውም። ለዚህ ነው አስተባባሪዋን ገና ስንገናኝ "ቀለበቱን ማን ይይዛል?" ያልኳት።

እሷ ግን በእቃ አልጀመረችም፤ በሰው ጀመረች። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ እቃው፣ ከዚያ ቦታውና መድረሻ ሰዓቱ። መነሻ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። "መንገድ ላይ ነኝ" ማለት አልደረሰም ማለት ነው አለችን።

ካርቶኖቹ ሦስት ነበሩ። የአንደኛ ሚዜው ቀለበት፣ ሽቶ፣ የእኔ እቅፍ አበባና በር ላይ ለሚይዟቸው ልጆች ዝርዝር ብር ነው፤ ሙሽራው ቤት 3 ሰዓት ላይ። የሴት ሚዜዬ እኛ ቤት 2 ሰዓት ላይ የሚደርስ ነው፦ መርፌ ቁልፍ፣ ነጭ ክርና መርፌ፣ ሶፍት፣ ማታ የምቀይረው ነጠላ ጫማ። የአዳራሹን የያዘው የአጎቴ ልጅ ነው። ሆን ብላ ሚዜ ያልሆነ ሰው መረጠች፤ ሚዜ ፎቶ ላይ ስለሚቆም እቃ መቀበል አይችልም። የእሱ ውስጥ የኬክ ቢላዋ፣ ሻማና ክብሪት፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ እንዲሁም ለዲጄውና ለካሜራ ባለሙያው ቀሪ ክፍያ በየስማቸው በፖስታ ታሽጎ ነበር። 6 ሰዓት ላይ አዳራሽ።

እቃው ሲደርስ ተቀባዩ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጥፋል። ፎቶ ከሌለ አልደረሰም።

የሰርጉ ቀን 3 ሰዓት ሆነ፣ የአበባው ፎቶ የለም። ሙሽራው ከቤት የሚወጣው 4 ተኩል ላይ ነው። 3 ሰዓት ከ5 ላይ አበባ ቤቱ ጋር ደወለች። ለካ አበባውን የላኩት ወደ አዳራሹ ነው! ሞተረኛ ልካ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ሚዜው እጅ ገባ። መድረሻውን መውጫው ሰዓት ላይ ብታደርገው ኖሮ ባዶ እጃቸውን ይመጡ ነበር። እኔ ይሄን ሁሉ የሰማሁት በመልሱ ቀን ነው።

የቬሎዬ ዚፕ ሲላቀቅም ሚዜዬ ካርቶኑን ከፍታ እዚያው ሰፋችልኝ። ክሩ ነጭ ነበር፣ ፎቶው ላይ አይታይም።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴም ምርቃቷን ልካልሻለች።

ሰርግ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልካለሁ። ምግብና መጠጥ አትይዝም፤ እሱን ለብቻ ተነጋገሩ። ሰርጉ ሊደርስ ከ3 ሳምንት በታች ከቀረውም አትቀበልም።