ካሲዮ fx-991ES PLUS ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የቅርንጫፍ ከረንትን በፌዘር ለሚያሰላ ሰው

ይህን ካልኩሌተር የገዛሁት በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አዳማ ውስጥ በማስተምርበት የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ከጠረጴዛዬ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ስለ ስታቲስቲክስም ሆነ ስለ ሌሎች ሞዶቹ የምለው የለኝም፤ አልተጠቀምኩባቸውምና። የምገመግመው በአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሬዚስተር፣ ኢንዳክተርና ካፓሲተር ያሉበት የኤሌክትሪክ ወረዳ ማለትም ሰርኪዩት በተለዋዋጭ ከረንት ሲመገብና ሁኔታው ሲረጋጋ፣ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሚያልፈውን ከረንት መጠንና ማዕዘን ማግኘት ነው።

ስለ ዕቃው አካል ባጭሩ ልጨርስ። የአዳማ ነፋስና አቧራ ለቁልፎች የማይመች ቢሆንም፣ ተንሸራታች ክዳኑን መልሶ የመክደን ልማድ ላለው ሰው ችግር አይፈጥርም። በብርሃንና በባትሪ ስለሚሠራ መብራት በጠፋበት ቀንም መስኮት አጠገብ ሥራው ይቀጥላል። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጽሑፍ እስካሁን አልተፋቀም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው የኮምፕሌክስ ቁጥር ሞድ ነው፤ MODE ተጭኖ 2 ሲመረጥ ይከፈታል። የፌዘር ዘዴ ፍሬ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ምንጩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ሳይን ሞገድ ከሆነና የወረዳው ክፍሎች ሊኒየር ከሆኑ፣ ሁሉም ቮልቴጅና ከረንት በዚያው ፍሪኩዌንሲ ስለሚወዛወዙ የሚለያዩት በመጠንና በማዕዘን ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው በአንድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ሊወከሉ ይችላሉ። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን መፍታት ቀርቶ ሥራው በሙሉ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ይሆናል። ቻርልስ ስታይንሜትስ ይህን ዘዴ በ1893 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ሲያቀርብ ማካፈሉ በእጅ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ያ አድካሚ ክፍል ለካልኩሌተሩ ይተዋል።

ተማሪዎቼን ደጋግሜ የማሠራውን ወረዳ ልውሰድ። ምንጩ 24 ቮልት አርኤምኤስ የሚሰጥ ትራንስፎርመር ነው፤ ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ነው። ከምንጩ ቀጥሎ 20 ኦም ሬዚስተር በሲሪዝ ይገባል፤ ከእሱ በኋላ መስመሩ በሁለት ቅርንጫፍ ይከፈላል። በአንዱ 0.1 ሄንሪ የሆነ ኢንዳክተር አለ፤ የጥቅል ሽቦው ራሱ 8 ኦም ሬዚስታንስ አለው። በሌላው 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለ። ይህን ያገኘነው የውሃ ፓምፕ ሞተር ጠጋኞች ዘንድ የሚገኙ ሁለት ባለ 50 ማይክሮፋራድ የሞተር ካፓሲተሮችን በፓራለል በማሰር ነው፤ ፕላስና ማይነስ ያለው ተራ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በተለዋዋጭ ከረንት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ለዚህ አይሆንም።

ኦሜጋ 100π ስለሆነ የኢንዳክተሩ ሪአክታንስ 10π፣ የካፓሲተሩ ደግሞ 100/π ኦም ይሆናል። እነዚህን አጠጋግቶ ከማስገባት ይልቅ በπ እንዳሉ አስገብቶ በሜሞሪ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሪአክታንሶች ማለትም 31.42 እና 31.83 ኦም እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ የጠቅላላው ከረንት ማዕዘን በትንሿ ልዩነታቸው ላይም ይመሠረታል። በመሣሪያው ላይ የምጽፈው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

```
20→A
8+10π×i→B
-100÷π×i→C
24÷(A+B×C÷(B+C))→D
D×C÷(B+C)→E
D×B÷(B+C)→F
```

D ከምንጩ የሚወጣው ጠቅላላ ከረንት ነው፣ E የኢንዳክተሩ፣ F የካፓሲተሩ ቅርንጫፍ ከረንት ነው። ውጤቱ በመጠንና በማዕዘን እንዲታይ SHIFT እና 2 ተጭኖ r∠θ ይመረጣል። በዲግሪ ስንሠራ ጠቅላላው ከረንት 0.162∠9.8° አምፔር፣ የኢንዳክተሩ 0.642∠−77.2° አምፔር፣ የካፓሲተሩ 0.654∠88.5° አምፔር ይሆናል። የምንጩ 24 ቮልት አርኤምኤስ ስለሆነ እነዚህም አርኤምኤስ ናቸው፤ ጫፋቸውን የሚፈልግ በ√2 ያባዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ካልኩሌተሩን ይጠራጠራል። ከምንጩ 162 ሚሊአምፔር ብቻ ወጥቶ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ እንዴት ከ640 ሚሊአምፔር በላይ ይሸከማል? መልሱ በማዕዘኖቹ ላይ ነው። የሁለቱ ቅርንጫፎች ከረንቶች በ166 ዲግሪ ገደማ ስለሚራራቁ፣ አንዱ ወደ ላይ ሲፈስ ሌላው ወደ ታች ይፈስሳል ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ከረንት በኢንዳክተሩና በካፓሲተሩ መካከል ይመላለሳል እንጂ ከምንጩ አይመጣም። ምንጩ የሚሞላው በሬዚስታንሶቹ ላይ በሙቀት የሚባክነውን ኃይልና ያልተጣፋውን ትንሽ የሪአክቲቭ ድርሻ ብቻ ነው። መጠኖቹን እንደ ተራ ቁጥር የሚደምር ሰው 1.3 አምፔር ያገኛል፤ ይህም ከእውነተኛው ስምንት እጥፍ ነው።

አሁን በወራት አጠቃቀም የታዘብኩትን የዚህን ሞዴል ትልቅ ወጥመድ ልግለጽ። ከላይ በጻፍኩት ቅደም ተከተል ከi በፊት የማባዛት ምልክት በግልጽ ማስገባቴ ያለ ምክንያት አይደለም። መሣሪያው ምልክት ሳይኖረው የተጻፈ ማባዛትን ከማካፈል ያስቀድማል። ስለዚህ ተማሪው -100÷πi ብሎ ቢጽፍ መሣሪያው πi ን እንደ አንድ አካፋይ ይወስደዋል፤ በi ማካፈል ደግሞ ምልክቱን ስለሚገለብጥ ውጤቱ +31.83i ይሆናል። ካፓሲተሩ ኢንዳክተር ሆነ ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ስሌቱ በሰላም ያልቅና ጠቅላላው ከረንት 0.881 አምፔር ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ የባሰው፣ ሁላችንም የምንተማመንበት የኪርኾፍ ማረጋገጫ ይህን ስህተት አይዝም። E እና F ን ብንደምር D ን በትክክል ይሰጡናል፤ ምክንያቱም የተፈታው ወረዳ የተሳሳተ ወረዳ ቢሆንም በራሱ የተሟላ ወረዳ ነው። በፍሪኩዌንሲ ላይ የተሠራ ስህተትም እንዲሁ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከድምሩ በፊት የማየው ሌላ ነገር ነው፤ በሁለቱ ቅርንጫፎች ላይ የሚያርፈውን የጋራ ቮልቴጅ 24−D×A ብዬ አወጣና የካፓሲተሩን ከረንት ማዕዘን ከእሱ ጋር አወዳድራለሁ። ቮልቴጁ 20.8∠−1.5° ነው፤ የካፓሲተሩ ከረንት ደግሞ 88.5° ላይ ስላለ ልክ በ90 ዲግሪ ይቀድማል። በተሳሳተው አጻጻፍ ግን በ90 ዲግሪ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ካፓሲተር ደግሞ እንዲህ አያደርግም። ሁለተኛው ማረጋገጫ የኃይል ሂሳብ ነው፦ ምንጩ የሚሰጠው 24×0.162×cos 9.8° ወደ 3.8 ዋት ይመጣል፤ በ20 ኦሙ ላይ የሚባክነው 0.5፣ በጥቅል ሽቦው ላይ የሚባክነው 3.3 ዋት ስለሆነ ሒሳቡ ይገጥማል። የኃይሉ ሂሳብ የሚይዘው ከቅርንጫፎቹ አንዱ በስህተት ሲሰላ ነው፤ የምልክት መገልበጥን ግን እሱም አይዝም።

በራዲያን የተቀመጠ መሣሪያም ዝም ብሎ ይሠራል። ማዕዘኖቹ ሁሉ ከ3.14 ያነሱ ሆነው ከታዩ፣ የኢንዳክተሩ −77.2 ሳይሆን −1.35 ከሆነ፣ ሴቲንጉን መመልከት ይገባል። የምንጩ ማዕዘን ዜሮ በሆነበት በዚህ ወረዳ ጉዳቱ የአነባበብ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ 24∠30 ተብሎ ቢገባ መሣሪያው 30 ራዲያን ብሎ ይወስደዋል።

በወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ ስንለካ ካልኩሌተሩ የሚሰጠው ትክክለኛነት ከዕቃዎቹ ይበልጣል። ማብሪያውን ስንጫን የሚፈጠረው ጊዜያዊ ውዝዋዜ በዚህ ወረዳ በአንድ ዑደት ማለትም በ20 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚሞት፣ መልቲሜትሩ የሚያነበው የተረጋጋውን ሁኔታ ነው። ልዩነት የሚያመጣው ሌላ ነው። በኢንዳክተሩ ቅርንጫፍ ውስጥ አምሜትር በሲሪዝ ስናስገባ የሜትሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስና የሽቦዎቹ ግንኙነት ተደምረው አንድ ኦም ቢጨምሩ፣ 8 ኦም የነበረው 9 ይሆንና ጠቅላላው ከረንት ከ162 ወደ 178 ሚሊአምፔር ይወጣል። ሜትሩ የሚለካውን ነገር ራሱ ለወጠው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የካፓሲተሩ ጉዳይ ነው። ያረጀ ካፓሲተር አቅሙ ወደ 90 ማይክሮፋራድ ቢወርድ C ን ብቻ ቀይሮ ስሌቱን መድገም ይቻላል፤ ጠቅላላው ከረንት ያው 0.162 አምፔር ሆኖ ይወጣል! የተለወጠው ማዕዘኑ ነው፤ በ9.8 ዲግሪ ይቀድም የነበረው አሁን በ10.4 ዲግሪ ወደ ኋላ ቀርቷል። በዋናው መስመር ላይ ያለ አምሜትር ይህን በፍጹም አያሳይም። የኢንዳክተሩ ቅርንጫፍም 0.642 ላይ ይቆያል። የሚያጋልጠው የካፓሲተሩ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ ከ0.654 ወደ 0.589 አምፔር ይወርዳል። ጠቅላላው ከረንት በሬዞናንስ ነጥብ አካባቢ ዝቅ ብሎ በሁለቱም በኩል በእኩል ገደማ ስለሚወጣ፣ መጠን ብቻውን በየትኛው በኩል እንዳለን አይነግረንም።

የመሣሪያው ወሰን የሚታየው ወረዳው ሲሰፋ ነው። የኢኩዌሽን ሞዱ ኮምፕሌክስ ኮኤፊሸንት አይቀበልም፤ ስለዚህ ሁለት ምንጭ ያለውን ወረዳ በሜሽ ዘዴ ስንጽፍ ሁለቱን ኢኩዌሽኖች በቀጥታ ማስገባት አይቻልም። ሪልና ኢማጂነሪ ክፍሎቹን ለያይቶ ማስገባት ቢታሰብም አራት ያልታወቁ ቁጥሮች ይሆናሉ፤ ይህ ሞዴል ደግሞ ከሦስት አያልፍም። የማትሪክስ ሞዱም እንዲሁ የሪል ቁጥሮች ብቻ ነው። እኔ የማደርገው የሁለት በሁለቱን ዲተርሚናንት በኮምፕሌክስ ሞድ ራሴ እየጻፍኩ ማካፈል ነው፤ ስድስቱን ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ከA እስከ F ካስቀመጥኩ እያንዳንዱ ከረንት በአንድ መስመር ይወጣል። ለሦስት ሜሽ ግን ፊደሎቹ ስለማይበቁና መስመሩ ስለሚረዝም፣ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይቀላል።