«ድምፁን እኩል እናደርጋለን» ለሚሏችሁ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ለኩ

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ተከታታይ ቪዲዮ የምታሠሩ ሁሉ፣ «የክፍሎቹን ድምፅ በሙሉ ወደ አንድ ደረጃ እናመጣለን» የሚል ስቱዲዮ ሲገጥማችሁ በምን እንደሚለካ ጠይቁት። መልሱ «በፒክ ነው» ወይም «አረንጓዴው መስመር ሁሉም ላይ እኩል ይደርሳል» ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ። እኛ ለአንድ ክፍል 1,200 ብር ተስማምተን፣ ግማሹን አስቀድመን ከፍለን፣ የተረከብነው ከሰጠናቸው ብዙም የማይሻል ሥራ ነው። የስቱዲዮውን ስም አልጠራም። ስሙ ቢቀየርም ይኸው አሠራር ሌላም ቦታ ይገጥማችኋል።

ሥራው ከጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞች ስለ ሥራ ዘመናቸው የሚያወጉበት አሥር ክፍል ቪዲዮ ነው። አንዳንዱ ክፍል ከዚራ ሰፈር ውስጥ በመኖሪያ ቤት፣ የጣሪያ ማራገቢያ እየዞረ ተቀርጿል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ማራገቢያ አጥፍቶ ሽማግሌ ማናገር አይታሰብም። አንዳንዱ ብረት በሚቀጠቀጥበት ወርክሾፕ ውስጥ ተቀርጿል። ሌላው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ የገባበት ነው። የፈለግነው ግልጽ ነበር፦ ተመልካች ከመጀመሪያው እስከ አሥረኛው ክፍል ሲያይ ሪሞቱን ወይም የስልኩን ድምፅ መነካካት የለበትም።

ርክክቡ ዕለት ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉንም ክፍሎች ከፍቶ «ይኸው ወንድሜ፣ ሁሉም ከዜሮ በታች አንድ ላይ ቆሟል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ‑1 ዴሲቤል ላይ ቆሟል። ቤት ወስደን ስናጫውተው ግን ሦስተኛው ክፍል ላይ ድምፅ ጨመርን፣ አምስተኛው ላይ ደንግጠን ቀነስን። በሦስተኛው ክፍል የሚናገሩት አባት ራሳቸው ቪዲዮውን አይተው «ልጄ፣ የእኔን ወሬ አልሰማሁትም፤ መዶሻውን ግን ጎረቤትም ሰምቶታል» አሉኝ። ችግሩን ከዚህ አሳጥሮ የሚናገር ባለሙያ አላገኘሁም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፒክ ማለት በፋይሉ ውስጥ ድምፁ ለቅጽበት የደረሰበት ከፍተኛው ነጥብ ነው። በፒክ ማስተካከል ከየሰልፉ ረጅሙን ሰው ብቻ ለክቶ ሰልፎቹ እኩል ናቸው እንደ ማለት ነው። በሦስተኛው ክፍል ያ ከፍተኛ ነጥብ የአንድ መዶሻ ምት ነው። ምቱ ‑1 ላይ ሲደርስ በፒክ የሚያስተካክል ሰው ፋይሉን ከዚያ በላይ ከፍ ስለማያደርገው ንግግሩ ከታች ቀረ። በአምስተኛው ክፍል ያለው ሙዚቃ ግን የዝቅተኛና የከፍተኛ ድምፁ ልዩነት አስቀድሞ የተጨመቀ ነው፤ ሁሉም ክፍሉ ወደ ጣሪያው የተጠጋ በመሆኑ ‑1 ላይ ሲቆም ከነሙሉ ጩኸቱ ነው።

ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ጉላት የሚለካው በሌላ መንገድ ነው። መለኪያው ማሳያ ላይ LUFS ተብሎ የሚነበብ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት BS.1770 ደረጃ ላይ የተመሠረተ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮችም ከ2010 ጀምሮ ለፕሮግራሞቻቸው ‑23 የሚለውን የወሰኑት በዚሁ መለኪያ ነው። መለኪያው ድምፁን ጆሮ በሚያደምጥበት አኳኋን ያመዛዝናል፤ ዝምታውን ከሒሳቡ ያስወጣል፤ ከዚያም የሙሉውን ክፍል አማካይ ጉላት ይሰጣል። በዚህ ሲለካ የእኛ ሦስተኛ ክፍል ‑24.6፣ አምስተኛው ደግሞ ‑13.8 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 10.8 ነው። በዚህ መለኪያ አንድ አሃድ አንድ ዴሲቤል ነው፤ የ10 ዴሲቤል ልዩነት ደግሞ ለጆሮ በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ሁለቱም ፋይሎች ግን ፒካቸው ያው ‑1 ነው።

ይህንን ይዤ ስመለስ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ማምለጫ «ግድ የለም፣ ዩቲዩብ ራሱ ያስተካክለዋል» የሚል ነበር። ይህን አትቀበሉ። ዩቲዩብ በመደበኛው የጉላት ማስተካከያው ከ‑14 በላይ የጮኸውን ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች የሆነውን ግን ከፍ አያደርግም። ስለዚህ አምስተኛውን ክፍል በ0.2 ብቻ ቢቀንሰው ነው፤ ሦስተኛው እንዳለ ይቀራል። በኮምፒውተር ቪዲዮው ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ Stats for nerds የሚለውን ብትከፍቱ content loudness የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ ‑10 አካባቢ፣ ፋይሉ ከዩቲዩብ ልክ በዚያ መጠን ዝቅ ያለ ነው፤ ያንን መደበኛው ማስተካከያ አይሞላለትም። በፍላሽ ተወስዶ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየውንማ ዩቲዩብ ምን አግኝቶት ያስተካክለዋል?

ሁለተኛው ማምለጫ የባሰ ነበር። ተጨማሪ ክፍያ ጠይቀው ሁሉንም ክፍል በአውቶማቲክ ማስተካከያ አሳለፉት። ማስተካከያው ጉላቱን በየቅጽበቱ እየተከታተለ ዝቅ ያለውን ያነሳል፣ ከፍ ያለውን ይደፍቃል። ቁጥሩ በእርግጥ ተቀራረበ። ነገር ግን ሰውየው ለማሰብ ዝም ባሉ ቁጥር የማራገቢያው ድምፅ እያደገ ይመጣና፣ አፋቸውን ሲከፍቱ ወዲያው ይሰምጣል። መዶሻው ሲመታ ደግሞ ከምቱ በኋላ ያለው ቃል ይዋጣል። ይህ የተበላሸ ሥራ ምልክት ነው። የምትረከቡትን በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ በተለይ ንግግር የሚቆምባቸውን ቦታዎች።

ትክክለኛው ሥራ ምን ይመስላል? ሦስተኛውን ክፍል እንውሰድ። ለተከታታዩ በሙሉ ‑16 የሚለውን ልክ መረጥን እንበል። ለንግግር የሚመች ነው፤ ከዩቲዩብ ልክ በሁለት ብቻ ቢያንስም ብዙ መጨመቅ አይጠይቅም። ከ‑24.6 ወደ ‑16 ለመድረስ 8.6 ዴሲቤል መጨመር ያስፈልጋል። እንዲሁ ከጨመርነው ግን መዶሻው ከ‑1 ተነስቶ ወደ 7.6 ይወጣል፤ ፋይል ደግሞ ከዜሮ በላይ ቦታ የለውምና ድምፁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ የመዶሻውን ምቶች እያንዳንዳቸውን በእጁ ይዞ በዘጠኝ ወይም በአሥር ዴሲቤል ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ሙሉውን ያነሳል፤ የቀረውን አልፎ አልፎ የሚዘል ድምፅ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ በሚገታው ሊሚተር ‑1 ላይ ይይዘዋል። ከዚያ እንደገና ይለካል፤ ምቶቹ ሲቀነሱ አማካዩም ትንሽ ስለሚወርድ የመጀመሪያው ስሌት ብቻውን አይበቃም። አምስተኛው ክፍል ግን 2.2 ዴሲቤል መቀነስ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የደቂቃ ሥራ ነው። ለሁለቱም ክፍሎች እኩል ዋጋ የሚጠይቅና ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ የሚጨርስ ሰው ሥራውን አላየውም ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ጠንቃቃ ሰው እንኳን የሚያልፈው። አማካዩ ቁጥር እኩል ሆኖ ንግግሩ እኩል ላይሆን ይችላል። ሰባተኛው ክፍላችን መግቢያውና መካከሉ ላይ ረጅምና ጎላ ያለ ሙዚቃ አለው። አማካዩ ‑16 ሲሆን፣ ንግግሩ ብቻውን ሲለካ ‑21 ነበር፤ ሙዚቃው አማካዩን ወደ ላይ ስቦት ነው። ተመልካች ደግሞ ድምፅ የሚያስተካክለው ንግግሩን ለመስማት ነው። ስለዚህ በየክፍሉ የንግግሩን ቦታ ለይታችሁ አስለኩ፤ ንግግሩ ‑16 ላይ ይቀመጥ፣ ሙዚቃው ከእርሱ በላይ አይውጣ።

መለኪያው ነፃ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ፕሮግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ጭናችሁ፣ ፋይሎቹ ባሉበት ፎልደር የሚከተለውን ትእዛዝ ጻፉ፦

```
ffmpeg -i kifil3.mp4 -vn -af ebur128=peak=true -f null -
```

ቁጥሮች ይጎርፋሉ፤ መጨረሻ ላይ Summary ከሚለው ሥር I: ከሚለው ጎን ያለው አማካይ ጉላቱ ነው፤ Peak: ከሚለው ጎን ያለው ደግሞ ከፍተኛው ነጥብ። ንግግሩን ብቻ ለመለካት ንግግር ያለበትን ቦታ ምረጡ፤ ይህኛው ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምሮ 60 ሰከንድ ይለካል፦

```
ffmpeg -ss 120 -t 60 -i kifil7.mp4 -vn -af ebur128 -f null -
```

ሁሉም ክፍሎች ከመረጣችሁት ልክ በአንድ አሃድ ከፍ ወይም ዝቅ ቢሉ ችግር የለውም፤ ተመልካች አይነቃበትም። ሦስትና አራት ሲሆን ግን እጁ ወደ ሪሞቱ ይሄዳል። እዚህ ላይ ስቱዲዮውን «0.3 አጎደልክ» ብሎ ማስጨነቅ ደግሞ ተገቢ አይደለም።

ውል ስትጽፉ «ድምፁ ይስተካከላል» የሚል ቃል አይበቃም፤ እኛ የያዝነው ውል ይህንኑ ስለሚል ቅድመ ክፍያውን ማስመለስ አልቻልንም። የእናንተ ውል የየክፍሉ ንግግር ‑16 LUFS፣ ልዩነቱ ከአንድ የማይበልጥ፣ በመጀመሪያው ትእዛዝ Peak: ከሚለው ጎን የሚነበበው ትሩ ፒክ ከ‑1 የማያልፍ ብሎ ይጻፍ፤ ቀሪ ክፍያውም ፋይሉ እናንተ ፊት ተለክቶ የሚከፈል ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ የንግግሩ፣ የሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ለየብቻ የተቀመጡባቸውን ፋይሎች የመረከብ መብታችሁ በግልጽ ይስፈር። የእኛን ሌላ ባለሙያ ሊያድነው ፈልጎ ያቃተው እዚህ ላይ ነው፦ በሰባተኛው ክፍል ሙዚቃውና ንግግሩ አንድ ላይ ተደባልቀው ስለተሰጡን፣ ንግግሩን በአምስት ዴሲቤል ሲያነሳው ከሥሩ ያለው ሙዚቃም አብሮ ይነሳል። የተለያዩትን ፋይሎች ስንጠይቃቸው «ከኮምፒውተሩ ጠፍተዋል» አሉን፤ ክፍሉ አሁን ከጥሬ ቅጂው እንደ አዲስ እየተሠራ ነው።