ከለንደን የመጣው የስኳር መለኪያ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን የስኳር መለኪያ ወንድሜ ከለንደን የላከው ለእማዬ ነው። ማሽኑ ጥሩ ነው። ጠብታ ደም ይበቃዋል፣ ውጤቱ በሰከንዶች ይመጣል፣ ባትሪውም እስካሁን አላስቸገረም። ጣጣው ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር ስኳር የሚለካው በ mmol/L ነው። እዚህ ሐዋሳ እማዬ የምትመረመርበት ላቦራቶሪ ደግሞ ውጤቱን የሚጽፈው በ mg/dL ነው። ከቅንብሩ ውስጥ መቀየሪያ ብፈልግ አጣሁ። ብዙ መለኪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በአንዱ ተቆልፈው ነው የሚመጡት።

አንድ ማታ ስክሪኑ 18.6 አሳየ። የራሷ መለኪያ በ mg/dL የሚሠራው ጎረቤታችን ቁጥሩን አይታ ደነገጠች። «ኧረ ስኳሯ ወርዷል፣ ቶሎ ጣፋጭ ሻይ ስጧት!» ከ70 በታች አደገኛ መሆኑን ታውቃለች፤ ለእሷ መለኪያ ልክ ናት። የእማዬ 18.6 ግን በእሷ ቁጥር 335 ገደማ ነው። ስኳሩ ወጥቷል እንጂ አልወረደም። ሻዩ ቢሰጣት ያባብስባት ነበር። መለያው ነጥቧ ናት፦ mmol/L ነጥብ ያለው ቁጥር ያሳያል፣ mg/dL ድፍን ቁጥር።

ማባዣው 18 ነው። ከየት መጣ? የግሉኮስ አንድ ሚሊሞል 180 ሚሊግራም ይመዝናል። አንዱ አሃድ በሊትር፣ ሌላው በሊትር አንድ አሥረኛ ስለሚቆጥር 180ው ለ10 ይካፈላል። በቃል ለመሥራት ቁጥሩን በ20 አባዝቶ አንድ አሥረኛውን መቀነስ ይቀላል።

በቅርቡ እማዬ ላቦራቶሪ በባዶ ሆዷ ደም ስትሰጥ እዚያው ጣቷን ለካኋት። 8.2 አለ። በ20 ሲባዛ 164፣ አሥረኛው ሲቀነስ 148 ገደማ። የላቦራቶሪው ወረቀት 139 ይላል። ወደኋላ ለመመለስ ግማሹን ለ9 ማካፈል ነው፦ 69.5 ለ9፣ 7.7 ገደማ።

የቀረችው የ9 ልዩነት የስሌት ጉድለት አይደለችም። ለቤት መለኪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ከ100 mg/dL በላይ እስከ 15 በመቶ መራቅን ይፈቅዳል። የእኛ 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ በቱቦ የተቀዳው ደም ፈሳሹ ከደም ሴሎቹ ቶሎ ካልተለየ ሴሎቹ ስኳሩን እየበሉት የላቦራቶሪው ውጤት በየሰዓቱ ዝቅ ይላል። ከምግብ በኋላ ደግሞ የጣት ደም ከክንድ ደም ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለቱን የማወዳድረው በባዶ ሆድና በተመሳሳይ ሰዓት ብቻ ነው።

እዚያው ወረቀት ላይ ያለውን ኮሌስትሮል ግን በ18 እንዳትነኩት፤ የእሱ ማባዣ 38.7 ገደማ ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ መለኪያ ልላክ ካላችሁ፣ ከመግዛቱ በፊት ካርቶኑ ላይ mg/dL የሚል እንዲፈልግ ንገሩት። አሜሪካ ያለው በቀላሉ ያገኘዋል። እንግሊዝና ካናዳ ግን በመደብሩ ያለው አብዛኛው እንደኛው ባለ ነጥብ ነው።