«ቀለም አያስፈልግሽም» ላለችኝ ጸጉር ሰሪ

ገርጂ ላለች አንዲት ጸጉር ሰሪ ምስጋና አለብኝ። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለነገረችኝ አልጽፍም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቤቱን እጠቁማችኋለሁ።

ጸጉሬ ጥቁር ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ቸኮሌት ቡናማ እቀባለሁ። ችግሩ ቀለሙ አይበረክትም። ወር ሳይሞላው የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ቁጭ ይላል። እኔም በየአምስት ሳምንቱ ከሥር እስከ ጫፍ ሳስቀባ ጫፉ ጭድ ሆነ።

ከዚያ ቀለም ያለው ኮንዲሽነር የሚባል ነገር ሰማሁ። አንድ ሱቅ ገብቼ «ብርቱካንማውን ያጠፋል» የተባለ ሐምራዊ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ተጠቀምኩ። ጸጉሬ ያው ብርቱካን ነው፣ የተለወጠው የትራሴ ጨርቅ ብቻ።

ተስፋ ቆርጬ ልቀባ ወደ እሷ ሄድኩ። ጫፉን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «እህቴ፣ አሁን ቀለም አያስፈልግሽም። ይሄ ጫፍ ሌላ ኬሚካል አይችልም» አለችኝ። ዝም ብላ ቀብታ የሙሉ ቀለም ሒሳብ መቀበል ትችል ነበር።

ሐምራዊው ለምን እንዳልሠራም ያኔ ገባኝ። ሐምራዊ የሚያጠፋው ቢጫን ነው፤ ለነጣ፣ ለብሎንድ ጸጉር ነው። ብርቱካንማን የሚያጠፋው ሰማያዊ ነው። «ታዲያ ሰማያዊ ልግዛ?» አልኳት። ሳቀች። «ሰማያዊው ብርቱካኑን ያደበዝዝልሻል እንጂ ቡናማሽን አይመልስም። ያንቺ ጸጉር መልኩ ብቻ ሳይሆን ጥቁረቱም ለቋል» አለችኝ። ስለዚህ ሁለቱንም የሚመልስ፣ ወደ አመድ የሚያደላ ቡናማ ኮንዲሽነር መረጠችልኝ። ሞቅ ያለ ወይም ወርቃማ ቡናማ ብገዛ ኖሮ ብርቱካኑን ያባብሰው ነበር።

ጥቁር ቡናማውን ላነሳ ስል ደግሞ ከለከለችኝ። ቀለሙ በየእጥበቱ ስለሚደራረብ ከምፈልገው አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን መያዝ ይሻላል። የጠቆረውን ማንጣት ከባድ ነው፣ የፈዘዘውን መድገም ግን ቀላል ነው። በጠርሙሱ ላይ ያለችውን ሴት ጸጉር አትዪ አለችኝ፤ ቀለሙ የሚያርፈው አሁን ባለው ጸጉርሽ ላይ ነው።

መጀመሪያ ከማጅራቴ አካባቢ ቀጭን ዘለላ ለይታ ሞከረች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አጥባ፣ አድርቃ መስኮት ጋ ወሰደችው። መሃሉ ልክ የፈለግኩት ቡናማ ሆኗል። ጫፉ ግን ጠቁሯል፣ ትንሽ አረንጓዴም ይነካዋል። በአምፖል አይታይም ነበር። የተጎዳ ጫፍ ቀለም እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ጫፉ ከነጣ ደግሞ አመዳማው ቡናማ ወደ ጭቃ አረንጓዴ ይሄዳል። መፍትሔዋ ቀላል ነበር። ለጫፉ ቀለሙን ከነጭ ኮንዲሽነር ጋር እኩል በእኩል ቀላቀለች፤ የተቀባውም መጨረሻ ላይ፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

አሁን እቤት ራሴ እሠራዋለሁ። በሻምፖ ብቻ እታጠባለሁ፣ ሌላ ኮንዲሽነር ቀድሞ ከገባ ቀለሙ በደንብ አይዝም። ውሃው እስኪቆም በአሮጌ ቲሸርት እጨምቃለሁ። ግንባሬና ጆሮዬ ዙሪያ ቫዝሊን፣ እጄ ላይ ጓንት። ከመሃል ጀምሬ በሰፊ ማበጠሪያ አዳርሳለሁ፣ ከዚያ ጫፉን። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ለብ ባለ ውሃ አለቀልቃለሁ። በየሳምንቱ ስለምታጠብ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃኛል። ሙሉ ቀለም የምቀባው አሁን በአሥር ሳምንት ነው። ለአለርጂ ቀድማችሁ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ እኔን አስጠብቃኛለች።

የማይሠራውንም ነግራኛለች። ኮንዲሽነሩ ጥቁር የበቀለውን ሥር አያቀላም፣ ምክንያቱም ጸጉር የሚያነጣ ነገር የለውም። ሽበት ላይም ጥላ ያህል ነው የሚያርፈው፣ ያውም ቶሎ ይለቃል። ለሽበት ብላችሁ አትግዙት። እርጥብ እያለ ደግሞ ልብስ ይነካል። እኔ አንድ እሑድ ጸጉሬ ሳይደርቅ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የነጠላዬ አንገት ቡናማ ሆኖ ተመለስኩ። እናቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

በዚያን ቀን የተቀበለችኝ የእጥበት ሒሳብ ብቻ ነው። ወደ እሷ ስትሄዱ ጸጉራችሁን ቅባት ሳታስነኩ ሂዱ፣ ካልሆነ ሙከራውን ከመጀመሯ በፊት ሁለት ጊዜ ታጥባችኋለች። ከሰዓት በኋላ ስለሚጨናነቅባት ጠዋት ድረሱባት፤ ያኔ መስኮቱም ጥሩ ብርሃን አለው።